ገቢ ሲቀንስ ለባንክ የሚጻፍ ደብዳቤ

የቤተሰብ ገቢ ሲቀንስ የባንክ ብድር ወርሃዊ ክፍያ አብሮ አይቀንስም። ብዙዎቻችን ዝም ብለን ቆይተን፣ ከባንክ ሲደወል ማስረዳት እንጀምራለን። የሚሻለው ግን አንድም ክፍያ ሳያልፍ መጻፍ ነው። ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል። ተበዳሪው ካልከፈለም ሕጉ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል።

የደብዳቤው ልብ “መክፈል የምንችለው ይህን ያህል ነው” የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ በምሳሌ እንይ። ባልና ሚስት በ16 በመቶ ወለድ ከወሰዱት የቤት ብድር 600,000 ብር ቀርቷቸዋል እንበል። በቀሩት 60 ወራት በየወሩ 14,590 ብር ገደማ ይከፍላሉ። የሚስት የሥራ ሰዓት በመቀነሱ የሁለቱ ገቢ ከ45,000 ወደ 32,000 ብር ወርዷል። ለምግብ፣ ለትምህርት ቤትና ለትራንስፖርት 20,500 ብር ሲነሣ 11,500 ይተርፋል።

ከዚህ በላይ ቃል መግባት አይችሉም። ዝቅተኛውን ልክ ደግሞ ወለዱ ይወስነዋል፦ የአንድ ወር ወለድ 8,000 ብር ነው። 7,000 ብር እንክፈል ቢሉ ዕዳው በየወሩ ያድጋል፤ ባንኩም አይቀበለውም። ጊዜው ወደ 96 ወራት ቢራዘም ግን ክፍያው 11,120 ብር ገደማ ይሆናል።

ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልን ስለመጠየቅ

ከቅርንጫፋችሁ በውል ቁጥር … ከወሰድነው ብድር 600,000 ብር ይቀረናል። እስካሁን ክፍያችንን አላቋረጥንም። ሆኖም ከ… ወር ጀምሮ የቤተሰባችን ገቢ ከ45,000 ወደ 32,000 ብር ቀንሷል። ስለዚህ ቀሪው የመክፈያ ጊዜ ወደ 96 ወራት ተራዝሞ፣ በየወሩ 11,120 ብር እንድንከፍል እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የመሥሪያ ቤት ማስረጃ፣ የ6 ወር የሂሳብ መግለጫና የወጪ ዝርዝር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር”

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ገቢ ያድርጉ፤ በሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመትተው ያስቀሩ። መልስ እስኪመጣ የድሮው ውል ስለሚጸና፣ የሚችሉትን ያህል መክፈልዎን አያቁሙ። “ተፈቅዷል” የሚል የቃል መልስም አይበቃም፤ አዲሱ ክፍያ የሚጸናው የውል ማሻሻያ ሲፈረም ነው። ዋስ ካለ እሱም ሊፈርም ስለሚችል አስቀድመው ይንገሩት።

ከመፈረምዎ በፊት ዋጋውን ያስሉ። በድሮው ውል ቀሪው ክፍያ በድምሩ ወደ 875,000 ብር ነበር፤ በአዲሱ ወደ 1,067,000 ብር ይደርሳል። ማራዘሙ 192,000 ብር ገደማ ያስጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ ገቢው ሲመለስ ያለ ቅጣት አስቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቀው በውሉ ላይ ያስጽፉ።