ሐሙስን ከሐሙስ ጋር

እስቲ ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ተመልከቱልኝ፦ 140 ሺህ ብር። በኦንላይን ኬክ የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ቤት ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ያስገባው ገቢ ነው እንበል። ቤቱም ብሩም የእኔ ፈጠራ ናቸው፤ የቀን መቁጠሪያው ግን እውነተኛ ነው፤ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ታዲያ ገበያው ቀዝቅዞ ነው ወይስ የክፍያ ገጹ ተበላሽቶ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከትናንቱ ጋር ማነጻጸር ነው። ትናንት ግን ረቡዕ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ የቅቤ ኬክ የሚሸጥ ቤት ረቡዕ ቀድሞውንም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሐሙስን ከሐሙስ ጋር እናስተያይ። ከነሐሴ 22 ጀምሮ ያሉት ስምንት ሐሙሶች በሺህ ብር እንዲህ ነበሩ፦ 212፣ 198፣ 640፣ 205፣ 221፣ 190፣ 209፣ 201።

640ው ምን ሆኖ ነው? መስከረም 1! የ2018 እንቁጣጣሽ የዋለው ሐሙስ ነበር። አሁን ደስ የሚለው ነገር መጣ። የስምንቱን አማካይ ብናወጣ 260 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ በዓሉን ከተውን ግን አንድም ሐሙስ እዚያ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ቁጥሮቹ ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካው መደበኛ ልዩነትም 154 ሺህ ገደማ ይወጣል። በዚህ መስፈሪያ የዛሬው 140 ሺህ ከአማካዩ የሚርቀው አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም፤ ማንቂያው ዝም ይላል። አንዲት የበዓል ቀን መስፈሪያውን ለጥጣ ለጥጣ እውነተኛው ብልሽት እንዲያልፍ በር ከፈተችለት ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ፤ ስታትስቲክስ የሚያውቁት ሚዲያን የሚሉት ነው። መሃል ላይ 205 እና 209 ስላሉ 207 ሺህ ይሆናል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሐሙስ ከ207 በስንት እንደሚርቅ ጻፉና የርቀቶቹንም መሃል ውሰዱ፤ 7.5 ሺህ ይመጣል። ይህን ከመደበኛ ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ለማድረግ በ1.4826 ይባዛል፤ ወደ 11 ሺህ ይደርሳል። ዛሬ የጎደለው 67 ሺህ ነው፤ ለ11 ስናካፍለው 6 ይሆናል። ብዙ ጊዜ ማንቂያ እንዲጮህ የሚደረገው 3.5 ሲያልፍ ነው። 640ው አሁንም ከዝርዝሩ አልወጣም፤ ግን ከመሃል ርቆ ስለቆመ ማንንም አይጎትትም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የእኛን የቀን መቁጠሪያ የማያውቅ ሶፍትዌር እዚህ ክፉኛ ይደናገራል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነው የዋለው፤ ስለዚህ «የአምና ዛሬ» ብሎ ማነጻጸር ጾሙን ከፍስኩ ያገናኛል። ይባስ ብሎ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ያ የለመድነው የሳምንት ቅርጽ ራሱ ይጠፋል። እኔ ብሆን የጾምና የበዓል ቀኖችን በሠንጠረዥ አስገብቼ ፍስክን ከፍስክ፣ ጾምን ከጾም ጋር ብቻ አስተያይ ነበር።

ወደ ሐሙሳችን እንመለስ። ማንቂያው ጮኸ፤ ግን ምን እንደተበላሸ አልነገረንም። አሁን ድምሩን በክፍያ መንገድ እንሰንጥቀው። በተለመደ ሐሙስ በሞባይል ገንዘብ 95 ሺህ፣ በካርድ 62 ሺህ፣ ዕቃው ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ 50 ሺህ ይገባል እንበል። ዛሬ ካርድ 64፣ ጥሬ ገንዘብ 52፣ ሞባይል ገንዘብ ግን 24 ሺህ ብቻ። ገበያ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ሦስቱም አብረው ይወርዱ ነበር። በሰዓት ስናየው ደግሞ 24ቱ ሺህ የገባው ሁሉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ።

እዚህ ጋ የምወደው ጥያቄ ይመጣል፦ ገንዘቡ የቀረው የት ላይ ነው? አንድ ደንበኛ በሞባይል ሲከፍል ቁልፉን ይጫናል፤ የሱቁ ሰርቨር ጥያቄውን ለክፍያ ድርጅቱ ይልካል፤ ደንበኛው የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፤ በመጨረሻም የድርጅቱ ሰርቨር «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ወደ ሱቁ ሰርቨር ይመልሳል። ይህን የመጨረሻውን ባለሙያዎቹ ኮልባክ ይሉታል። ብልሽቱ እንደየቦታው የተለያየ አሻራ ይተዋል። ቁልፉ ከተበላሸ ሰው ቅርጫቱን ሞልቶ ክፍያ ገጹ ድረስ ይመጣል፤ የክፍያ ሙከራ ግን ዜሮ ይሆናል። የክፍያ ድርጅቱ ከወደቀ ሙከራው እንዲያውም ይበዛል፤ ሰው ደጋግሞ ይሞክራላ! ሁሉም ግን በስሕተት ወይም መልስ በማጣት ያልቃል።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ኮልባኩ ብቻ ሲቋረጥ ደንበኛው ከፍሏል፣ ኤስኤምኤስ ደርሶታል፣ ብሩም በሱቁ ሒሳብ ገብቷል። የሱቁ ዳታቤዝ ግን ትእዛዙን «በመጠባበቅ ላይ» እንዳለ ይተወዋል። ገቢ ቀነሰ ብለን የምንጮኸው ለካ ያልቀነሰ ገቢ ነው! ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፦ የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ጠዋት አዲስ የሶፍትዌር እትም ሲጫን ኮልባኩ የሚመጣበት አድራሻ ተቀይሯል። በእኛ ምሳሌ ከ4 ሰዓት በኋላ ሙከራዎቹ እንደወትሮው ናቸው፤ የስሕተት መልእክት የለም፤ የሚጠባበቁት ትእዛዞች ብቻ ተቆልለዋል። የድርጅቱ የዕለት መግለጫ ላይ ደግሞ ሱቁ ያልመዘገበው 70 ሺህ ብር ተቀምጧል። ነገሩ ኮልባኩ ነው።

እንዲህ ሲሆን ደንበኛውን «እንደገና ይክፈሉ» ማለት ከብልሽቱ የከፋ ጥፋት ነው፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የተንጠለጠለውን እያንዳንዱን ትእዛዝ በመለያ ቁጥሩ ከክፍያ ድርጅቱ ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። እንዲያውም ሰርቨሩ ኮልባክ ቢመጣም ባይመጣም በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ይሻላል።

አሁን «እስከ ማታ ለምን እንጠብቃለን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የዕለት ድምር ዘግይቶ ይነቃል። ግን በየሰዓቱ እንይ ካልን ሌላ ወጥመድ አለ። በሞባይል ገንዘብ በሰዓት በአማካይ 2 ትእዛዝ የሚቀበል ቤት፣ ምንም ሳይበላሽበት፣ አንዱን ሰዓት ባዶ የማሳለፍ ዕድሉ 13.5 በመቶ ነው። ቀኑን ሙሉ በሐሰት ማንቂያ ሲበረግግ ይውላል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማንቂያውን የሚሰማው ሰው አይኖርም። ዝምታው ሦስት ሰዓት ከዘለቀ ግን ዕድሉ ከ400 አንድ ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ መነሣት ተገቢ ነው። በሰዓት 60 ትእዛዝ ያለው ትልቅ ቤት ይህንኑ እርግጠኝነት በስድስት ደቂቃ ዝምታ ያገኛል።

ታዲያ ትንሹ ቤት ሦስት ሰዓት ሙሉ ደንበኛ ይጣ? የለም፤ ራሱ ደንበኛ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ በእያንዳንዱ የክፍያ መንገድ የ1 ብር ትእዛዝ ያስገባና «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት እስኪመለስ ይከታተል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካልተመለሰ ስልኩ ይጥራ። እነዚያን 1 ብሮች ግን ከዕለቱ ሽያጭ መቀነስ እንዳይረሳ፤ አለበለዚያ ሱቁ ተዘግቶ በዋለበት ቀንም ገቢ ያለው ይመስላል።