ለጓደኛ ብድር ዋስ መሆን፦ ከመፈረም በፊት፣ ከእምቢታም በኋላ

በቨርጂኒያ፣ ሊስበርግ ፓይክና አርሊንግተን ቡሌቫርድ በሚገናኙበት በሴቨን ኮርነርስ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ እናስብ። አብሮት ያደገ ጓደኛው አሜሪካ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ ነው። መኪና ገዝቶ በሹፍርና ለመሥራት 24 ሺህ ዶላር ብድር ቢጠይቅ፣ ባንኩ «ኮሳይነር አምጣ» አለው። ጓደኛውም «ፊርማ ብቻ ነው፤ የምከፍለው እኔ ነኝ» እያለ ይለምነዋል።

የዚህ ፊርማ ትርጉም በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ እንዲገለጽ ያዛል። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ «አስቀድመህ የባለዕዳውን ንብረት ተመልከት» ብሎ አበዳሪውን ሊከራከር ይችላል። በአሜሪካ ግን ኮሳይነር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ሁለተኛ ተበዳሪ ይቆጠራል። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚመለከታቸው አበዳሪዎች፣ ዋሱ ከመፈረሙ በፊት የተለየ ማስታወቂያ ይሰጡታል። ማስታወቂያው አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ፣ ሊከሰውና ከደመወዙ ሊያስቆርጥ እንደሚችል ይገልጻል።

ጉዳዩን በአኃዝ እንመልከተው። ብድሩ በ12 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢሰጥ፣ ወርኃዊ ክፍያው 534 ዶላር ገደማ ይሆናል። ጓደኛው ለአንድ ዓመት በትክክል ከከፈለ በኋላ ታሞ ሥራ ቢያቆም፣ ቀሪው ዕዳ 20 ሺህ 270 ዶላር ያህል ነው። አበዳሪው መኪናውን ወስዶ በጨረታ በ13 ሺህ ዶላር ቢሸጠው፣ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ይቀራል። የመውሰጃና የጨረታ ወጪም ይጨመርበታል። ስሙ በባለቤትነት ሰነዱ ላይ የሌለ ዋስ፣ መኪናው የእርሱ ሳይሆን ዕዳው የእርሱ ይሆናል።

ጓደኛው አንድም ቀን ሳያዘገይ ቢከፍል እንኳ ዕዳው በዋሱ የክሬዲት መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ዋሱ ቤት ለመግዛት ሲነሣ፣ የቤት አበዳሪው ያንን 534 ዶላር እንደ ራሱ ወርኃዊ ዕዳ ቆጥሮ የሚፈቅድለትን ብድር ሊቀንስበት ይችላል። ክፍያውን ከስሌቱ ለማስወጣት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው፣ ጓደኛው ከራሱ ሒሳብ 12 ወር ሳያቋርጥ መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው እምቢታውን ማዘግየት የለበትም። «እስኪ ላስብበት» የሚለው መልስ ጓደኛውን በተስፋ ያቆየዋል። በዚያ መሐል ቀብድ ሊከፍልና የሚሠራበትን ቀን ሊቀጥር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እምቢታ እንደ ክህደት ይቆጠራል። ምክንያቱም የጓደኛው ታማኝነት ሳይሆን የራስ አቅም መሆን አለበት፦ «ወንድሜ፣ አንተን ተጠራጥሬ አይደለም። ሥራ ቢጠፋብህ ይህን ክፍያ ከቤት ኪራዬ ጋር ልችለው አልችልም። ስለዚህ ለማንም አልፈርምም። ግን መኪናውን የምታገኝበትን መንገድ አብረን እንፈልግ።» ሚስትን ወይም ባልን ማሳበብ ግን አይገባም፤ ቂሙ ወደ ቤት ይገባልና።

እገዛው የሚጀምረው ባንኩ ለምን ዋስ እንደጠየቀ በማጣራት ነው። የአዲስ መጤ ችግር ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ክሬዲት ሳይሆን ከናካቴው የክሬዲት ታሪክ አለመኖሩ ነው። መዝገቡን በAnnualCreditReport.com ላይ አብሮ ተቀምጦ በነፃ ማየት ይቻላል። ታሪክ ከሌለው፣ በራሱ ተቀማጭ የሚዋስ የክሬዲት ካርድ አውጥቶ በየወሩ በሰዓቱ መክፈል ታሪኩን ያስጀምርለታል። በአርሊንግተን በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት እኅት ድርጅት ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕም፣ ለስደተኞችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች ብድር በመስጠት ይታወቃል፤ አብሮት ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

በገንዘብ መርዳት የሚሻ ደግሞ ባይመለስ የማይጎዳውን ያህል ይስጥ። ለምሳሌ 2 ሺህ ዶላር ለቅድመ ክፍያ ቢሰጠውና ጓደኛው የ24 ሺሁን ትቶ የ12 ሺህ ዶላር መኪና ቢመርጥ፣ የሚበደረው ወደ 10 ሺህ ይወርዳል። በዚያው ወለድና ጊዜ ወርኃዊ ክፍያው 222 ዶላር ያህል ነው፤ አበዳሪው ያለ ዋስ የመቀበሉ ዕድልም ይጨምራል። የእቁብ ተራን መልቀቅም ሌላ መንገድ ነው። ሆኖም ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ስለሚጠየቅ፣ በባንክ በኩል የተዘጋው በር በእቁብ በኩል እንዳይከፈት ዋሱ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ያሻል።