ያልተያዘው ንጹሕ ነው?

ኩላሊታችን የሚያመነጨው ኢፒኦ የተባለ ሆርሞን መቅኒ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ ያዝዛል። ፋብሪካ የሠራውን ኢፒኦ በመርፌ የሚወስድ ሯጭ ደሙ ብዙ ኦክስጅን ይሸከምለታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ወዲህ በሽንት ምርመራ ይፈለጋል። ችግሩ፣ በደም ሥር የተወጋ አነስተኛ መጠን ዱካው ቶሎ መጥፋቱ ነው፤ ማታ የተወጋው በማግስቱ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የደም ፓስፖርት ስለዚህ መድኃኒቱን መፈለግ ትቶ በደም ላይ ያመጣውን ለውጥ ይከታተላል። አትሌቱን የሚያወዳድረው ከራሱ የቀድሞ ውጤቶች ጋር ነው።

ፓስፖርቱ ይታለል እንደሆነ ለማወቅ የተያዙትን መቁጠር አይበቃም፤ ሳይያዝ ያለፈው በመዝገቡ ላይ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ራሳቸው እንደ አታላይ ማሰብ አለባቸው። ማይክል አሸንደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለ10 ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እስከ 12 ሳምንት ድረስ፣ አነስተኛ ኢፒኦ በደም ሥራቸው ወጉ። የሰዎቹ ጠቅላላ ሄሞግሎቢን በ10 በመቶ ጨመረ፤ ሁለት ከረጢት ደም እንደተሰጣቸው ያህል ነው። መድኃኒቱን ሲወስዱ ግን የፓስፖርቱ ሶፍትዌር አንዳቸውንም አልጠረጠረም።

ፓስፖርቱ የሚያየው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን መጠን እንጂ በሰውነት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ክምችት አይደለም። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከበዛ ጭማሪው ይሸፈናል። ብዙ ወስዶ ድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳቱ ስለሚቀንሱ ይጋለጣል፤ ጥቂት በጥቂት የሚወስደው ግን ያን ያህል መዋዠቅ አያሳይም። ጠቅላላውን ክምችት መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ተመርማሪው ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ መተንፈስ አለበት። ሊወዳደር የተዘጋጀን ሯጭ ይህን ተንፍስ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ የጥርጣሬውን ድንበር ለምን አያጠብቁትም? ሱሉልታ ሲለማመድ ቆይቶ ለውድድር ወደ ቆላ አገር የሚወርድ ሯጭ ደሙ ያለ ምንም መድኃኒት ይለወጣል። ሕመም፣ የሰውነት ውሃ ማጣት፣ ከባድ ልምምድም እንዲሁ። ድንበሩ በጠበበ ቁጥር በስህተት የሚጠረጠረው ይበዛል። እኔ አንድ ንጹሕ አትሌት ስሙ ከሚጠፋ አንድ አታላይ ቢያመልጥ እመርጣለሁ፤ የሚያመልጠው አታላይ የሌላ ንጹሕ ሯጭ ሜዳሊያ እንደሚወስድ ግን አልዘነጋም።

በአታላዩ ላይ የሚሠራ አንድ ነገር ግን አለ፤ ናሙና እስከ 10 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ከለንደን 2012 ኦሊምፒክ የተቀመጡ ናሙናዎች ከዓመታት በኋላ በተሻሻለ ዘዴ ሲመረመሩ ብዙዎች ተይዘዋል፤ በአመዛኙ ግን የተገኘው ስቴሮይድ ነበር። ናሙናው የተወሰደው የኢፒኦው ዱካ ከጠፋ በኋላ ከሆነ፣ በጠርሙሱ ውስጥ የሌለውን ነገር የነገ መሣሪያም አያገኘውም።