ጤና አዳም ከእርጉዝ ሴት ሲኒ ይውጣ፤ ጦስኝ በልክ ይጠጣ

በመንዝ፣ በጌሼና በመርሐቤቴ ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ከጓሮ ይቀነጠሳል። ቅጠሉ ከሲኒው ጣል ሲደረግ ቡናው ያውዳል። ሆድ ሲቆርጥ ወይም ምች ሲመታ ይኸው ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል። በደጋው ደግሞ ጦስኝ አለ። በጓሳና በጣርማ በር በኩል ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያም እንደ ሻይ እየፈላ ይጠጣል። ሁለቱም ሽታቸው የሚወደድ ቅጠሎች ናቸው። ሁለቱም መድኃኒት ይባላሉ። ለእርጉዝ ሴት ግን አንድ አይደሉም። ይህን ማወቅ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን ከጓሮ ቀንጥሶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ባል ነውና።

በመጀመሪያ ጤና አዳምን እንመልከት። ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ይህ ዘይትና በቅጠሉ ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ሲበዙ ማሕፀንን ያኮማትራሉ፤ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ተክሉ ብርቱ መሆኑ በእጅም ይታወቃል። እርጥቡን ቅጠል በጠራራ ፀሐይ በብዛት የሚቆርጥ ሰው እጁ ሊቀላና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ተጠጥቷል። በደቡብ አሜሪካ፣ በኡሩጓይ አገር፣ ለዚሁ ሲሉ ጤና አዳም አፍልተው ከጠጡ ሴቶች መካከል የሞቱ እንዳሉ የዚያው አገር ሐኪሞች መዝግበዋል። ጽንሱ ብቻ ሳይሆን እናቲቱም ትጠፋለች ማለት ነው።

ታዲያ በርበሬ ውስጥ የገባውስ? በርበሬ ሲሰናዳ የጤና አዳም ፍሬ በጥቂቱ ይገባል። ያ ጥቂት በብዙ በርበሬ ላይ ተበትኖ፣ በብዙ ወጥ ላይ ደግሞ ተከፋፍሎ ለአንድ ጉርሻ የሚደርሰው እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ እርጉዟ ወጡን ትብላ። በየሲኒው የሚነከረው ቅጠል ግን በየቀኑ የሚደጋገም ስለሆነ እስክትወልድ ድረስ ቢቀር ይሻላል። ትናንት አንድ ቅጠል የገባበት ቡና የጠጣች ሴት ግን በዚያ ልትሸበር አይገባም። ተጨምቆ ወይም ተቀቅሎ የሚጠጣው ጨርሶ የተከለከለ ነው። በዚህ ላይ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጭብጥ ቅጠል ተጨምቆ የሚወጣው ስንት ዘይት እንደያዘ በዓይን አይታይምና።

አሁን አንዲት የ5 ወር እርጉዝ በምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት በቤቷ ቡና ትጠጣለች። ቀትር ላይ ጎረቤት ይጠራታል። ማታም ይፈላል። በእያንዳንዱ ጊዜ አቦልና ቶና ብትጠጣ 6 ሲኒ ይሆናል። ይህ በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ እርጉዞች እንዲቀንሱ መክሯል። ካፌይን ማለት እንቅልፍ የሚያባርረው የቡናና የሻይ ቅጠል ንጥረ ነገር ነው። ሲበዛ ጽንሱ እንዳይጨነግፍ፣ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ እንዳይወለድ ያሰጋል። ሚሊ ግራም በቤት አይለካም፤ ሲኒ ግን ይቆጠራል። በቀን 2 ትንንሽ ሲኒ ይበቃታል። ጎረቤት ዘንድ ስትሄድ አቦሉን አሳልፋ በረካውን ብትቀበል የሚቀየማት የለም።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ምሳዋን በልታ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ከጠጣች፣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቷ በሚገባ አያገኘውም። ብረት ደም የሚሠራበት ነው። ስለዚህ ከምግብ በኋላ 1 ሰዓት ያህል ትቆይ። ከጤና ኬላ የሚሰጣትን የብረት ክኒንም በቡና ወይም በሻይ ሳይሆን በውሃ ትዋጠው።

ወደ ጦስኝ እንምጣ። እዚህ ላይ ወሬው የተሻለ ነው። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ደረቅ ጦስኝ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ቢጠጣ እንደ ምግብ የሚቆጠር ነው። ካፌይንም የለውም። ማታ ማታ በቡና ፋንታ ቢፈላ ጥሩ ምትክ ነው። እስኪጠቁር ተንተክትኮ እንደ መድኃኒት በጣሳ የሚጠጣው ግን ለእርጉዝ አይሆንም።

በጦስኝ በኩል ከሁሉ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ለደም ግፊት ጦስኝ ፍቱን ነው» እያለ ይጠጣል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ግን ከሌላው ግፊት ይለያል። ከ5ኛው ወር በኋላ ብርቱ የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከደረት በታች ያለ ሕመም ከታየ፣ ሴትዮዋ በሰዓታት ውስጥ ራሷን ስታ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ጦስኝ ይህን አያቆመውም። ቅጠሉ ሳይሆን የሚጎዳት «ጦስኝ ጠጥቼ ነገ ልየው» ብላ ያሳለፈችው ሌሊት ነው። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

በወጥ ውስጥ የሚገቡት ሌሎቹ ቅመሞች እምብዛም አያስጨንቁም። በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ ወጥ በሚያጣፍጡበት መጠን ይበሉ። ዝንጅብል እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ወራት ማቅለሽለሽ ያስታግሳል፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ለቀን ትበቃለች። አብሽ በወጥ ቢገባ ችግር የለውም። ተበጥብጦ በየቀኑ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን ማሕፀንን ሊቀሰቅስ፣ በደም ያለውን ስኳርም ሊያወርድ ስለሚችል ይቆይ። ኮሶ ከቅመም ባይቆጠርም በአንዳንድ ቤት ስለሚጠጣ መነሳት አለበት፤ ለእርጉዝ ሴት አደገኛ ነው። የኮሶ ትል ካለባት ለጤና ባለሙያ ትንገር።

ከባዱ ነገር ይህን ለአማት መንገር ነው። ምሳሌ ያደረግናት እርጉዝ ሌሊት ሆዷን ቆረጣት እንበል። አማቷ ጤና አዳም ጨምቀው በሲኒ አመጡላት።

«እንኪ ልጄ፣ ያበርድልሻል። እኔም ስንት ጊዜ ጠጥቼዋለሁ።»

«እማማ፣ አውቃለሁ፣ ለእኔ አዝነው ነው። ግን በሆዴ ልጅ አለ። ጤና አዳም ለእርጉዝ አይሆንም ብለውናል። ውሃ ያሙቁልኝና ልረፍ፤ ካልተወኝ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

አማቲቱ ክፉ አላሰቡም። ያገኛቸውም ጉዳት ላይኖር ይችላል። ጠጥታ የዳነችው ትናገራለች፤ ጽንሱ የወረደባት ግን ምክንያቱ ቅጠሉ መሆኑን ላታውቅ ትችላለችና አትናገርም። ደግሞም የእርጉዝ ሆድ ቁርጠት ሁሉ የሆድ ሕመም አይደለም። እየመጣ እየሄደ የሚያጠብቅ ከሆነ ምጥ ያለ ጊዜው መጥቶ ይሆናል።

እርጉዝ ሴት ጭማቂውን ጠጥታ ከተገኘችስ? እንድታስመልስ ጣት አይክተቱባት፤ ሌላ ቅጠልም አይጨመርባት። ደም ከታያት፣ ሆዷን በብርቱ ከቆረጣት፣ ካስመለሳት፣ ሽንቷ ካነሰ ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም። ምልክት ባይታይም ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የኩላሊትና የጉበት ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። የተረፈውን ቅጠል በጨርቅ ቋጥራችሁ ይዛችሁላት ሂዱ። ስንት ቅጠል እንደተጨመቀና በስንት ሰዓት እንደጠጣች ለጤና ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ።