የድሮ የድንጋይ ቤት ለምን ከእግሩ ይረጥባል?

እንደ ፒያሳ ባሉ የአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች በድንጋይ ቤት የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ይቀባል። ዓመት ሳይሞላ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ያህል ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ልስኑም በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ግንበኛ ሲጠራ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አሮጌውን ልስን አንስቶ በሲሚንቶ ጠንከር አድርጎ መለሰን። ነገሩ የሚብሰውም ያኔ ነው።

እነዚህ ግድግዳዎች ሃምሳ ስልሳ ሴንቲሜትር የሚወፍሩ፣ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው፤ ከሥራቸው ውሃ የሚያግድ ነገር አልተነጠፈም። ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ ውሃ እምብዛም አይመጥም። የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ሁሉ የመሬቱን ውሃ ወደ ላይ የሚስበው በመሃል ያለው ጭቃ ነው። ውሃው መውጣቱን የሚያቆመው ከሥር የሚሳበውና ከግድግዳው ፊት የሚተነው ሲመጣጠኑ ነው። ፊቱ በሲሚንቶና በዘይት ቀለም ከተደፈነ መተኛ ያጣል፤ ስለዚህ ልስኑ እስኪያልቅ ድረስ ሽቅብ ይወጣል። አዲስ የተለሰነ ቤት እርጥበቱ ከጉልበት ወደ ደረት ከፍ ያለበት ምክንያት ይኸው ነው።

ውሃው ሲተን ከአፈሩ ያመጣውን ጨው ጥሎ ይሄዳል። በድንጋዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት እሱ ነው፤ አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ደግሞ ይበዛል። ጨው ሲደርቅ ያድጋል፣ ልስኑንም ከውስጥ ይገፈትራል። ክረምት ሲመጣ ከአየሩ እርጥበት ይስባልና ከመሬት የሚመጣው ውሃ ከተቆረጠም በኋላ ቦታው ሊያረጥብ ይችላል።

ጤዛ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቡ መስኮት ዘግቶ በሚተኛበት ክፍል የትንፋሹና የማብሰያው ተን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ይህ የሚታየው በጣሪያ ጥግና ከቁምሳጥን ጀርባ ነው፤ ምልክቱም ጥቁር ሻጋታ ነው። ጨው የበዛበት ግድግዳ ላይ ሻጋታ ብዙም አይበቅልም። ከመሬት የሚወጣ ውሃም ጣሪያ ጥግ አይደርስም።

ለመለየት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ቆርጦ ዙሪያውን በማጣበቂያ ፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጎ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ውሃ ካለ ጤዛ ነው፤ መድኃኒቱም ተኑን ማስወጣትና ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ ነው። ከኋላው ከረጠበ ውሃው ግድግዳው ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህ ግን ከመሬት የመጣ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተቀደደ አሸንዳና የሚያንጠባጥብ ቧንቧም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነሱን አስቀድሞ ማየት ይገባል። ግድግዳ ላይ ተጭኖ ቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ በጨው ይታለላል።

አሁን አንድ ቤት እናስብ። መንገዱ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ፣ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ሠላሳ ሴንቲሜትር በልጧል፤ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው በአፈር ውስጥ ተቀብሯልና ከዚህ ጀምሮ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። በግቢው በኩል መሬቱን ከወለሉ ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እስኪል መጥረግ ነው። መንገዱን መንካት በማይቻልበት በኩል፣ ከተፈቀደ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ጠባብ ቦይ ይቆፈራል፤ ከታች ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፣ በላዩ ጠጠር ይሞላል፣ ውሃውም ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ ይደረጋል። ቦዩ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ከወረደ ግን ግድግዳውን ያናጋዋል።

ከዚያ የሲሚንቶው ልስን በመሮና በመዶሻ በቀስታ ይነሣል፤ ጨው ከታየበት መስመር ሃምሳ ሴንቲሜትር ያህል አልፎ። ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም፤ ውሃ ካገኘ ተመልሶ ይገባል። ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። በተለምዶ የሚሰላው በወር ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሃምሳ ሴንቲሜትር ግድግዳ ሃያ ወር ያህል ሊፈልግ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ገላውን እንደተገለጠ ይክረም። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ተለውሶ በስስ ንብርብር ይለሰናል፤ ቀለሙም የኖራ ውሃ ይሁን።

ግድግዳውን በስቶ ውሃ የሚያግድ ፈሳሽ መርጨት የሚሰጥ ሥራ አለ። እኩል በተደረደረ ጡብ ላይ ሊሠራ ይችላል። በጭቃና በባዶ ክፍተት በተሞላ የድንጋይ ግድግዳ ግን ፈሳሹ በየስንጥቁ ይፈስሳል እንጂ የተያያዘ መስመር አይሠራም፤ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ሲሚንቶ ከኖራ ጋር አለመስማማቱ በጎንደር ቤተ መንግሥቶችም ታይቷል። ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኗቸውን ክፍሎች በኋላ በዩኔስኮ እገዛ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል።

የመጀመሪያው የኖራ ልስን ከታች በኩል ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢረግፍ አያስደንግጥ። በግድግዳው የቀረውን ጨው እየመጠጠ ነው፤ ያንን ዝቅተኛ መስመር ብቻ አንስቶ እንደገና መለሰን ይበቃል።