ቡናው ከመጫኑ በፊት የሚላከው ኢሜይል

በጀርመን ላለ ገዢ 320 ጆንያ ቡና፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር፣ ለመሸጥ የተስማማ ላኪ ፕሮፎርማውን በባዶ ኢሜይል አይልክም። የፕሮፎርማውን ቁጥር በርዕሱ ላይ ጽፎ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮፎርማው ተያይዟል። ዋጋው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ወጪ ይጨምራል፤ የሚጸናውም ለ15 ቀን ነው። ሙሉ ክፍያው ባንካችን በገባ በ3 ሳምንት ውስጥ ዕቃው ይጫናል። የማስተላለፊያውን ወጪ እርስዎ ይሸፍናሉ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከተዘለለች በመካከል ያሉ ባንኮች ኮሚሽን ይቆርጡና ገንዘቡ ጎድሎ ይደርሳል። ገዢው የሚልከው የዝውውር ቅጂም ክፍያ አይደለም፤ የሚጫነው ባንኩ ገንዘቡ መግባቱን ሲያረጋግጥ ነው።

ትልቁ አደጋ ግን በላኪው ስም «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ የሚጽፍ አጭበርባሪ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ እንዲህ ይዘጋል፦ «የሒሳብ ቁጥር በኢሜይል አንቀይርም፤ ከመክፈልዎ በፊት በሚያውቁት ስልካችን ደውለው ያረጋግጡ።»