የማስታወቂያ ቍጥር እንዴት ይነበባል?

በዛሬው ጊዜ አንድ ነጋዴ በፌስቡክ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ Ads Manager የሚባል የቍጥር ሰሌዳ ይከፈትለታል። ይህ ሰሌዳ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይተን ለማሳየት፣ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ የአንዲት ባለሱቅ አጭር ታሪክ ለምሳሌ ያህል ፈጥረን እናቀርባለን።

እኒህ ባለሱቅ በአንድ ሳምንት ሁለት ማስታወቂያ አወጡ፤ ለእያንዳንዱም 20 ዶላር ከፈሉ። በፊተኛው ላይ ያማረ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረ። በኋለኛው ላይ ግን የቀሚሱ ዋጋና የሱቁ አድራሻ ተጨምሮበት ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳውን ያስረዳቸው ዘንድ የእኅታቸውን ልጅ አስጠሩት።

በፊተኛው ማስታወቂያ አንጻር፣ Impressions በሚለው ሥር 18,000 ተጽፎ ነበርና «ይህን ያህል ሰው አየልኝ?» ብለው ጠየቁት።

«አይደለም አክስቴ፤ ይህ ማስታወቂያው የታየበት ጊዜ ብዛት ነው። የሰዎቹ ግምት Reach የሚለው ነው፤ እርሱም 6,000 ነው። እንግዲህ አንዱ ሰው በአማካይ 3 ጊዜ አይቶታል» አላቸው።

ቀጥሎ Results የሚለውን ተመለከቱ። የእርሳቸው ማስታወቂያ መልእክት እንዲያመጣ የታዘዘ ስለሆነ፣ በዚህ ሥር የሚቈጠረው ቀሚስ የገዛ ሳይሆን መልእክት መጻፍ የጀመረ ሰው ነው። ፊተኛው 100፣ ኋለኛው 40 ሰው አምጥቷል። ስለዚህ አንዱ መልእክት በፊተኛው 20 ሳንቲም፣ በኋለኛው 50 ሳንቲም የዶላር ፈጀ። ባለሱቋም «እንግዲያው ኋለኛውን ዝጋልኝ» አሉ።

ልጁ ግን አስቀድሞ የሽያጭ ደብተራቸውን ጠየቀ። ገዢው ሁሉ የትኛውን ማስታወቂያ አይቶ እንደ መጣ ጠይቀው ጽፈው ነበርና ሲቈጠር፣ ከፊተኛው 2፣ ከኋለኛው 8 ቀሚስ ተሸጦ ተገኘ። አንዱን ቀሚስ ለመሸጥ በፊተኛው 10 ዶላር፣ በኋለኛው 2 ዶላር ከ50 ወጥቷል ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ማስታወቂያ አራት እጥፍ ውድ ሆነ።

ምክንያቱ ከመልእክቶቹ ታወቀ። ዋጋ ባልተጻፈበት ማስታወቂያ ብዙዎቹ «ስንት ነው?» ብለው ጠይቀው ዝም ብለዋል፤ ዋጋው በተጻፈበት ግን አቅሙ ያልፈቀደው ሳይጽፍ አልፏል። ከዚህም በላይ ፌስቡክ ማስታወቂያውን የሚያሳየው መልእክት ይጽፋሉ ብሎ ለሚገምታቸው ሰዎች ነው፤ የሚጽፍና የሚገዛ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ሰሌዳው በእግሩ ወደ ሱቅ ገብቶ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛውን ሰው ስለማያየው፣ ደብተሩ ካልተያዘ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ደግሞም 2 እና 8 ትንንሽ ቍጥሮች ስለሆኑ በአንድ ሳምንት ብቻ አይፈረድም። ሁለቱ ማስታወቂያዎች እንደ ገና በአንድ ወቅት መውጣት አለባቸው፤ አንዱ ለእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ ሌላው ከበዓሉ በኋላ ቢወጣ የተመዘነው ማስታወቂያው ሳይሆን በዓሉ ይሆናል። ባለሱቋም ሁለቱንም ለሦስት ሳምንት ያህል ጐን ለጐን ለማቈየት ወሰኑ።